ሳጥንና የጥያቄ ምልክት አንድ አይደሉም

ጅማ ውስጥ ጽሑፍ በመተየብ ነው የምተዳደረው። በፍላሽ ከሚመጡልኝ ፋይሎች መካከል አማርኛው የጠፋበት ሁልጊዜ አለ። አብረው የሚመጡት አባባሎችም ያው ናቸው።

«ፊደሉ ሳጥን ሆኗል፤ በቃ ፋይሉ ተበላሽቷል።»

አይደለም። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው የፊደሉን ቁጥር ነው። «ጅ» በዩኒኮድ U+1305 ናት። ቁጥሩን አይቶ ፊደሉን የሚስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የእኛ ፊደል ከሌለው ባዶ ሳጥን ይስላል፤ ቁጥሩ ግን ቦታው ላይ አለ። ሳጥኖቹን ኮፒ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩና ስልካችሁ ላይ እዩዋቸው። አማርኛ ሆነው ከመጡ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ Nyala ወይም Abyssinica SIL ቀይሩ።

«የጥያቄ ምልክቱም ፎንት ሲጫንበት ይስተካከላል።»

ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወንድማችን የቡና አቅራቢ ገበሬዎችን ዝርዝር ይዞ መጣ። ኤክሴል ላይ በአማርኛ የጻፈውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ለማስገባት CSV (Comma delimited) ብሎ ሴቭ አድርጎታል። ሲከፍተው ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው።

ይህ ምርጫ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ የሚጠቀመው የአማርኛ ፊደል የሌለበትን የቆየ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ደንብ ነው። የማያውቀውን ፊደል በሙሉ አውጥቶ በምትኩ እውነተኛ ? ይጽፋል። የወረዳውን ዓምድ አብረን አየነው፦ ጎማም ?? ነው፣ ማናም ?? ነው፣ ሊሙም ?? ነው። የትኛው የትኛው እንደነበር ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። ቁጥሩ ራሱ ስለጠፋ የትኛውም ፎንት አይመልሰውም።

ደግነቱ ዋናው የኤክሴል ፋይል ላፕቶፑ ላይ ነበር። ከፍተን CSV UTF-8 (Comma delimited) የሚለውን መርጠን ሴቭ አደረግነው፤ ስሞቹ ሁሉ ወጡ። እባካችሁ፣ የተለወጠውን ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን አታጥፉ።

«áŒ…áˆ› የሚል ነገር ካየሁ ቫይረስ ገብቷል።»

እሱ «ጅማ» ነው። የዩኒኮድ ቁጥሮች በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የከፈተው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ፊደል ካነበበው ሁለቱ ፊደላት ስድስት ምልክት ይሆናሉ። ቁጠሯቸው፣ ስድስት ናቸው። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። ከዚያ ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ Data ውስጥ From Text/CSV በሉና ፋይሉን ምረጡ። File Origin ላይ 65001: Unicode (UTF-8) ስትሉ አማርኛው ገና ከመጫኑ በፊት እዚያው መስኮት ላይ ይታያችኋል።