ጠፈርተኛ ህዋ ላይ ረዘመ ሲባል ምኑ ነው የረዘመው?

«ህዋ ላይ ስበት ስለሌለ አጥንት ይለጠጣል፤ ጠፈርተኞች የሚረዝሙት ለዚህ ነው።» ይቺን አባባል ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ ወጣቶች ሲቀባበሏት ደጋግሜ አየሁ። አንዱማ ብረት ላይ በመንጠልጠል ይህንኑ ቁመት በነጻ ማግኘት እንደሚቻል አስረድቷል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የሰው ወገብ ሳይ ስለምውል ማለፍ አቃተኝ።

ወንድሜ፣ አጥንት አይለጠጥም። አጥንት በርዝመት የሚያድግበት ክፍል ጉርምስና ሲያበቃ ይዘጋል፤ ህዋም አይከፍተውም። እንዲያውም እዚያ አጥንት ይሳሳል። ሰውነትን የሚሸከሙት አጥንቶች በየወሩ 1 በመቶ ገደማ ማዕድናቸውን ያጣሉ። ስበት የለም የሚባለውም ስህተት ነው። የጠፈር ጣቢያው የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ያህሉ ነው። ግን ጣቢያውም ሰውየውም አብረው እየወደቁ ስለሆነ ከታች የሚደግፈው ወለል የለም። ስለዚህ ጭንቅላቱና ደረቱ ወገቡን አይጫኑትም።

ጉዳዩ ያለው ይህ ጫና ላይ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። የባጃጅ ወንበር ስፖንጅ አስቡ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥበት ይሰጥማል፣ ማታ ሲወርድለት ይነፋል። የእኛም ዲስክ እንዲሁ ነው። ቀን ጫናው ውሃ ያስወጣዋል፣ ተኝተን ስናድር መልሶ ይመጣል። ለዚህ ነው ጠዋት ከማታው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የምንረዝመው። ከዚያ ውስጥ ብዙው የሚጠፋው በተነሳን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ጠፈርተኛው እንግዲህ ለስድስት ወር ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው። ያረጀ ስፖንጅ ደግሞ ሾፌሩ ቢወርድለትም እንደ ድሮው አይነፋም፤ በዕድሜ የደረቀ ዲስክም እንደዚያው።

ነገር ግን ሁሉንም በዲስክ ማሳበብም ልክ አይደለም። ስድስት ጠፈርተኞች ከጉዞ በፊትና በኋላ በኤምአርአይ ታይተው ነበር። ዲስኮቻቸው ላይ ወጥ የሆነ እብጠት አልታየም። ጎልቶ የታየው ሌላ ነገር ነው፦ የወገባቸው ጉብጠት ቀጥ ብሏል፣ አከርካሪን የሚደግፉት ጡንቻዎችም ሳስተዋል። የታጠፈ ነገር ሲቃና ይረዝማል። የባጃጁ ስፖንጅ ይህን አይነግረንም።

ጭማሪው ታዲያ ስንት ነው? እስከ 3 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ኖሪሺጌ ካናይ ህዋ ላይ በሦስት ሳምንት 9 ሴንቲ ሜትር ረዘምኩ ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የሰውየው ቁመት 180 ነው። 3 በመቶው 5.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 9 ሲባል ወደ 5 በመቶ ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብን። የቡድኑ አዛዥም ተጠራጠረ። ካናይ እንደገና ሲለካ 182 ሆነ፤ የጨመረው 2 ብቻ ነው። ይቅርታም ጠየቀ። ያሳሰበው ቁመቱ ለወሬ መሆኑ አልነበረም። የሚመለስበት የሶዩዝ መንኮራኩር መቀመጫ በእያንዳንዱ ሰው ገላ ልክ የሚሠራ ስለሆነ አልገባበትም ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው።

ብረት ላይ መንጠልጠል? ጫናውን ለአፍታ ያቀላል፣ ሲወርዱ ጫናው ይመለሳል። ትከሻ የሚያመው ሰው ደግሞ ባይሞክረው ይሻለዋል።

ወደ ምድር ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ቆመው ሲሄዱ ወገባቸው ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል፣ ዲስኩም ትርፍ ውሃውን ይለቃል። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ስኮት ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ340 ቀን በኋላ ሲመለስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሟል ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ በቀናት ውስጥ የድሮ ቁመቱን ያዘ። ረዝሞ የቀረ የለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁመቱ ሳይሆን እነዚያ ቀናት ናቸው። ቁመት ቶሎ ይመለሳል፣ ጡንቻ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከተመለሱ በኋላ የዲስክ መንሸራተት የሚያገኛቸው ከሌላው ሰው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ውሃ የሞላው ዲስክ በተለይ ወደ ፊት መታጠፍን አይወድም፤ ባጎነበሱ ቁጥር የጀርባ ጅማቶች ከወትሮው በላይ ይወጠራሉ። ስለዚህ ተመላሾች ጎንበስ ብለው ከባድ ነገር እንዳያነሱ ይመከራሉ። በነገራችን ላይ፣ የወገብ ሕመም ያለባችሁም ከአልጋ እንደወረዳችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አታንሱ። ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ ቁርስ ብሉ፣ ከዚያ አንሱት።