በሐይቅና በወንዝ መዋኘት፦ ለጀማሪዎች

የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ሆራም ሆነ ባቦጋያ፣ እሳተ ገሞራ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ስለዚህ ወለላቸው እንደ መዋኛ ገንዳ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጉልበት ይደርስ የነበረው ውሃ ጥቂት ሲራመዱበት ከቁመት ሊያልፍ ይችላል። ጀማሪ በረጅም ዱላ ወለሉን እየፈተሸ ይገባል፤ ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስም ወደ መሃል ሳይሆን ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኛል።

ወንጪን በመሰለ ደጋማ ሐይቅ ደግሞ ከጥልቀቱ በፊት ቅዝቃዜው ይቀድማል። አደጋው የሚከፋው ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ነው፤ ከዚያ ሞቅ ባለ ውሃም ቢሆን ድንገት ለዘለለ ሰው አይቀርም። ቆዳ በአንዴ ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። አፉ ያን ጊዜ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል። ጎበዝ ዋናተኛም የሚሰምጠው በዚህ ነው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። እስከዚያ ለመዋኘት መታገል አይገባም፤ በጀርባ ተንጋሎ፣ ጆሮን ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ እጅና እግርን በቀስታ እያንቀሳቀሱ መንሳፈፍ ነው። መዋኘት የሚጀመረው ትንፋሽ ሲረጋጋ ነው። ከመነሻውም መዝለል ቀርቶ ፊትንና አንገትን አርጥቦ ቀስ ብሎ መግባት ይሻላል።

ወንዝ ላይ አስቀድሞ የሚታየው ፍጥነቱ ነው። ቁራጭ እንጨት ወርውሩ፤ ከእርምጃችሁ ከፈጠነ አትግቡ። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ጡንቻ አይቋቋመውም። ውሃው የወሰደው ሰው ፊት ለፊት አይታገለውም፤ በጀርባው ሆኖ እግሩን ውሃው ወደሚሄድበት ያደርግና አመቺ ቦታ ሲያገኝ በሰያፍ ወደ ዳር ይወጣል። ጥልቀት ባለው ፈጣን ውሃ ለመቆም መሞከር ግን እግርን በድንጋይ መሃል ያስይዛል፤ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ይደፋዋል። በክረምት ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም ከወንዙ ላይኛው ክፍል በዘነበ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ ወይም ድምፁ ከጨመረ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

ብቻን አለመዋኘት የሚባለው ሁለት ሰው አብሮ መግባቱ ብቻ አይደለም። ሁለት ጀማሪዎች ሲደነግጡ አንዱ ሌላውን ይይዛልና አብረው ይሰምጣሉ። የሚሻለው አንዱ ሲዋኝ ሌላው ዳር ሆኖ፣ ስልኩን ትቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል መጠበቁ ነው፤ የሚሰምጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ አፉ ውሃው ልክ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ጠባቂው ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ ያዘጋጃል። መጀመሪያ ዱላ ያቀብላል፣ ካልደረሰ ጀሪካኑን ይወረውራል፤ ራሱ ግን አይዘልም።

የወጣው ሰው ካልተነፈሰ ሆዱን መጫንና ዘቅዝቆ ውሃ ማስወጣት ጊዜ ያባክናል፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው ትንፋሽ መስጠት፣ ቀጥሎም ደረቱን መጫን ነው። ነቅቶም ቢሆን ከሳለ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ሳንባው የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሊያባብስበት ይችላል።