ፎቶው ላይ ያለው ጥንዚዛ ነው፣ ትኋን ነው ወይስ በረሮ?

እህቴ ማታ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያለች ቡናማ ተባይ ናት። «በረሮ ገባብን እንዴ?» ትላለች።

ቀለሙን ተዉት፤ ሦስቱም ቡናማ ይሆናሉ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጀርባውን እዩ። የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ጠንካራ ሽፋን ናቸው። ሲታጠፉ ጀርባው መሀል ላይ ተገጣጥመው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ልክ ባለ ሁለት ተከፋች በር ሲዘጋ እንደሚሆነው። የበረሮ ክንፍ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ጭንቅላቱም ከላይ ሲታይ ጋሻ በመሰለ ሽፋን ሥር ይደበቃል። የትኋን ወገኖች ደግሞ ክንፍ ያላቸው ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ትከሻቸው መሀል ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ከሱ በታች ክንፎቹ የኤክስ ቅርጽ ይሠራሉ።

የእህቴ ተባይ ግን ክንፍም መስመርም አልነበራት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበረሮ ልጅ ክንፍ የለውም። የአልጋ ትኋንም ቢያድግ አይበርም። ስለዚህ ወደ አንቴናው ሄድኩ። የትኋን አንቴና አጭር ነው። የበረሮ ግን እንደ ክር ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጭራው ላይም ሁለት አጫጭር ቀንድ መሳይ ነገሮች አሉ። ፎቶው ላይ ሁለቱም በግልጽ ይታያሉ። የበረሮ ልጅ ናት። እህቴን አላስደሰታትም።

ፎቶው ከጎን ከተነሳ ይህ ሁሉ አይሠራም። ልክ ከላይ ሆናችሁ፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሱት።