«ሃይ ኮፒ» ምንድን ነው? ጠገራ ብር በፎቶ ሲመረመር

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው የጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ብር፣ ፎቶ በቴሌግራም ለጥፎ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከሥር አንዱ መለሰለት፦ «ፎቶውን አጉልተህ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እየው። ዕንቁዎቹ ዘጠኝ ከሆኑ ኦሪጅናል ነው። ባይሆን እንኳ ሃይ ኮፒ ነው፤ ከኦሪጅናል ስለማይለይ ግዛው።» ብዙ ሰው ልብ ሰጠው።

ሐረር ጁገል ውስጥ አሮጌ ብር ስገዛና ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይሄንን መልስ በየጊዜው አየዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥርም ያመኛል። በዚህ ምክር ገንዘባቸውን የከሰሩ ሰዎች እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ። ስለዚህ ዛሬ ሃይ ኮፒ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልጻፍ።

ሰዉ ሃይ ኮፒ ሲል «ለኦሪጅናል የቀረበ» ማለቱ ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ኦሪጅናል እንደማለት። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። «ሃይ» የሚለው ቃል የሚለካው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው። አንድ ሃይ ኮፒ በመልኩ ፍጹም ሆኖ ውስጡ አንድ ግራም ብር ላይኖረው ይችላል። ዕንቁውን፣ የንስሩን ላባ፣ ፊደሉን ቆጥሮ ያለፈ ሰው ኮፒው የተሠራበትን ፈተና ነው የፈተነው። አስመሳዩም የተዘጋጀው ለዚያው ፈተና ነው።

ድሮ ዕንቁ መቁጠር ይሠራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጋዴዎች የሚቆጥሩት ሞኝ ሆነው አልነበረም። የዚያን ጊዜ አስመሳይ ብሩ የሚመታበትን ማኅተም በእጁ ይቀርጽ ስለነበር ዕንቁ ይጎድልበታል፣ ላባ ይበዛበታል፣ የሴትዮዋ አፍንጫ ይጣመምበታል። የዛሬው አይቀርጽም። እውነተኛ ጠገራ ያመጣና ማኅተሙን በቀጥታ ከእሱ ይገለብጣል። ስለዚህ ዕንቁው ዘጠኝ ነው፤ ከእውነተኛው ላይ ስለተወሰደ ሌላ ሊሆን አይችልም። 1780 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ያለችው የመስቀል ምልክትም፣ ከደረቷ በታች ያሉት ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ሁለት ፊደሎችም በቦታቸው አሉ።

«ጥሩ ካሜራ ከሆነ ይለያል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቴሌግራም ፎቶ እንደሚጨምቅ፣ በፋይል ከተላከ ግን ጥራቱ እንደማይቀንስ የሚያስተምሩም አሉ። ይሄ እውነት ነው፤ እኔም በፋይል ላኩልኝ እላለሁ። ግን ችግሩ የጥራት አይደለም። የምንፈልገው ነገር ላዩ ላይ ከሌለ ላዩን የቱንም ያህል ብናጎላው አናገኘውም።

ከፊራ ገበያ ሐብሐብ ስትገዙ ምን እንደምታደርጉ አስቡ። መጀመሪያ ታያላችሁ። ቆዳው የተሰነጠቀውን፣ የበሰበሰውን በዓይን ትለያላችሁ፤ ለዚህ ፎቶም ይበቃል። ቀጥሎ ታነሳላችሁ። መጠኑ ትልቅ ሆኖ እጅ ላይ ከቀለለ ትመልሱታላችሁ። ከዚያ በጣት መታ መታ ታደርጋላችሁ። በመጨረሻ ሻጩ በቢላዋ ቆርጦ ያሳያችኋል። ጠገራም እንደዚሁ ነው፤ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ካስፈለገም ይፋቃል። ፎቶ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሐብሐቡን ለእናንተ ያነሳው የለም፤ የመታውም የለም። ደግሞ ልዩነት አለው። ሐብሐብ ላዩን ለማሳመር አያስብም፤ አስመሳይ ግን የሚያስበው ስለ ላዩ ብቻ ነው።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ከድሬዳዋ መጣ። በፎቶ አይቶ የገዛው ጠገራ ነው። ሻጩ አሥራ አንድ ፎቶ ልኮለታል፣ ሁሉም የጠራ። ከመግዛቱ በፊት ለእኔም ልኮልኝ ነበር፤ «ከፎቶ መናገር አልችልም» ብዬው ፈራሁ መሰለው። «አቦ፣ አንዴ በእጅህ ያዘውና ንገረኝ» አለኝ።

በማጉያ መነጽር አየሁት። ፊቱ ላይ ስህተት የለም። ማግኔት አይስበውም፤ ይሄ ግን ምንም አይነግረንም፣ መዳብና ነሐስም አይሳቡም። ሚዛን ላይ 28.1 ግራም አለ። የጠገራ ሕጋዊ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ስለሆነ አለፈ። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 40 ሚሊሜትር፣ እሱም አለፈ። ልጁ ፊቱ በራ።

ከዚያ ውሃ አመጣሁ። በትንሽ ብርጭቆ ውሃ አድርጌ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ዜሮ መለስኩት። ብሩን በቀጭን ክር አስሬ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጠለቅኩት፤ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ተንጠልጥሎ። ሚዛኑ ያኔ የሚያሳየው ብሩ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። የአንድ ግራም ውሃ ቦታ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ቁጥሩ በቀጥታ የብሩን ይዘት፣ ማለትም የሚይዘውን ቦታ፣ ይሰጣል። እውነተኛ ጠገራ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ይሄ ቅይጥ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.2 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ማለት ነበረበት።

3.14 አለ።

28.1ን ለ3.14 አካፍሉት፤ 8.95 ይመጣል። ይሄ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር መዳብ ክብደት ነው። ላዩ በብር የተለበጠ መዳብ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። መዳብ ከብር ይቀላል። አስመሳዩ ስፋቱንም ውፍረቱንም እንደ እውነተኛው ቢያደርገው ክብደቱ ከ25 ግራም በታች ይወርድበታል፤ ማንም ሚዛን ያለው ሰው ይይዘዋል። ክብደቱን ማስተካከል ከፈለገ መዳቡን መጨመር አለበት። ስፋቱን ከጨመረ በማስመሪያ ይታወቃል። ስለዚህ የሚደብቀው ውፍረቱ ውስጥ ነው። ብሩን ከእኔ እውነተኛ ጠገራ ጎን አቁሜ ለልጁ አሳየሁት። ወፈር ይላል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ጎን ለጎን ሲቆሙ ይታያል። ከአሥራ አንዱ ፎቶ ዘጠኙ ከፊት ለፊት የተነሱ ነበሩ። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ውፍረትን አይዝም። የቀሩት ሁለቱ እጅ ላይ የተያዘበት ናቸው፤ ጠርዙ በጣት ተሸፍኗል።

ጠርዙ ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። በመደዳ በሚሠሩ ኮፒዎች ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ወይም የሁለት ግማሽ ቅርጽ መጋጠሚያ መስመር ይታያል። ሰው ግን ጠርዝ ፎቶ አያነሳም፤ ገዢም አይጠይቅም።

ይሁንና ፎቶ ከንቱ ነው አላልኩም። ፎቶ መጣል ይችላል። ፊደሉ የተሳሳተ፣ የቀለጠ የሚመስል ነገር በፎቶ አይቼ «ተወው» ያልኩት ብዙ ነው። የማይችለው ማጽደቅ ነው። ደግሞ ብዙ ፎቶ ሲሰበሰብ ሌላ ነገር ይናገራል። በዚያው ልጅ ብር ላይ፣ ከሴትዮዋ አገጭ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ስርጉድ አለች። አሮጌ ብር ወድቆ የተጋጨ ይመስላል፤ እንዲያውም ያረጀ አስመስሎታል። ብቻዋን ምንም አትልም። ልጁ ግን ጓደኛው ከዚያው ሰው ሁለት እንደገዛ ነገረኝና ፎቷቸውን በስልክ አስላክን። በሁለቱም ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ያችው ስርጉድ አለች።

ሦስት ብር በሦስት የተለያየ ቀን ወድቆ አንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስርጉድ ሊያወጣ አይችልም። ስርጉዷ የነበረችው ማኅተሙ በተገለበጠበት በእውነተኛው ብር ላይ ነው። ከእሱ ወደ ማኅተሙ፣ ከማኅተሙ ወደ ኮፒዎቹ ሁሉ ተላልፋለች። በማጉያ ስናያት የስርጉዷ ጠርዝ ለስላሳ ነው። እውነተኛ ግጭት ብረቱን ወደ ጎን ገፍቶ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ያወጣል።

ሙያው ስለሆነ ሳልጠየቅም ጥቂት ልጨምር። የውሃው ፈተና ሁሉንም አይይዝም። እርሳስ ከብር ይከብዳል፤ መዳብና እርሳስ በልክ ከተቀላቀለ ቁጥሩን ማስመታት ይቻላል። ያኔ ድምፁ ያጋልጠዋል፣ እርሳስ አያቃጭልም። ግን ድምፁ የታፈነ ብር ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ ውስጡ የተሰነጠቀ እውነተኛ ጠገራም ድምፁ ይሞታል። እኛ አገር ደግሞ ብዙው ጠገራ ለአንገት ጌጥ ቀለበት ተበይዶበታል። ብየዳው ክብደቱንም፣ ይዘቱንም፣ ድምፁንም ያዛባል። በአገልግሎት ያለቀ ብር ግን አያሳስባችሁ። ተፍቆ 27 ግራም ቢወርድም ይዘቱም አብሮ ስለሚወርድ ሲካፈል ያው 10.2 አካባቢ ነው። ጥቃቅን የአየር አረፋ ብሩ ላይ ከተጣበቀ ግን ቁጥሩን ስለሚያሳስት በውሃ ውስጥ ነቅነቅ አድርጉት።

«ኦሪጅናል» የሚለውም ቃል ጠገራ ላይ ሲመጣ ይከብዳል። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ኢጣሊያ በ1935 ማኅተሙን ወስዳ ሮም ላይ መታች፤ እንግሊዝም ብዙ ሳትቆይ ለንደን ላይ ጀመረች። እነዚህ ብራቸው ሙሉ ነው፤ ኮፒ ብሎ መስደብ ስህተት ነው። ዕንቁና ላባ መቁጠርም ዛሬ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የትኛው ከተማ እንደመታው ለመለየት። ያ አስተያየት ሰጪ የያዘው ቁጥር ለሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ስለዚህ ፎቶ የሚልክልኝን ሰው አሁን ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ጠርዙን ዙሪያውን በቪዲዮ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ እየታየ፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሁለተኛው ቁጥር እየታየ። ከአገጯ ፊት ያችን ስርጉድ ካየሁ ሌላውን አልጠብቅም። የድሬው ልጅ ብሩን ትቶልኝ ሄዷል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከእውነተኛው ጎን ቆሟል። የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሁለቱን ፊት ለፊት አሳየዋለሁ፣ ቀጥዬ ወደ ጎን አዞራቸዋለሁ።