ሱፍሌ ለምን ይነሣል፣ ለምንስ ይረግባል?

ሱፍሌ፣ ማለትም በተመታ የእንቁላል ነጭ ተሠርቶ የሚጋገረው ለስላሳ ምግብ፣ በምድጃ ውስጥ ከፍ የሚለው በውስጡ የታመቀው አየር በሙቀት ስለሚሰፋ ነው ይባላል፤ ይህ ግን የምክንያቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከ20 ወደ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አየር መጠኑ የሚጨምረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ በደንብ የተሠራ ሱፍሌ ግን ከዚያ አልፎ ይነሣል። ልዩነቱን የሚሞላው ከድብልቁ ተንኖ ወደ አረፋዎቹ የሚገባው እንፋሎት ነው።

እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው የእንቁላሉ ነጭ ነው። ነጩ ሲመታ፣ ተጠቅልለው የነበሩት ፕሮቲኖች ተዘርግተውና እርስ በርስ ተያይዘው በእያንዳንዱ አረፋ ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ይህ ሽፋን ከአረፋዎቹ ጋር እየተለጠጠ ቆይቶ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ይረጋል። ስለዚህ የአረፋው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ገና እያንጸባረቀ ሳለ፣ መምታቱን ማቆም ይገባል። ከዚያ ካለፈ ፕሮቲኖቹ ከመጠን በላይ ተጣብቀው ውኃውን ገፍተው ያስወጡታል፤ አረፋው ይቆራረሳል፣ ከሥሩ ውኃ ያቁራል፣ ሽፋኑም መለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል።

ሱፍሌው ከምድጃ ሲወጣ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ አየሩም ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመጠኑ መርገቡ የማይቀር ነው፤ እንደ ስሕተትም ሊቆጠር አይገባም። መሐሉ ወዲያው ከሰመጠና ውስጡ ፈሳሽ ከሆነ ግን ሽፋኑ ሳይረጋ ወጥቷል ማለት ነው።