አንድ ግዢ፣ ሁለት ክፍያ፦ ስለተደገመ የአቅራቢ ደረሰኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ሶፍትዌሩ የተደገመ ደረሰኝ አይቀበልም።"

ሶፍትዌር የሚያወዳድረው የተጻፈለትን ቁጥር ነው፤ መጋዘን ገብቶ ዕቃውን አያይም። ድግግሞሹ እንዴት ሾልኮ እንደሚያልፍ በአንድ የፈጠራ ታሪክ ላሳይ።

ቦታው አዲስ አበባ ያለ የቤት ዕቃ ማምረቻ፣ ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት ላይ የግዢ ሠራተኛው 40 የኤምዲኤፍ ጣውላ ገዝቶ የማሽኑን ደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም ላከ። የዚያን ጊዜዋ የሒሳብ ሠራተኛ ፎቶው ላይ ባየችው የኤፍኤስ ቁጥር መዘገበች፣ ቼኩ ተዘጋጀ፣ ተከፈለ። እሷም ሥራ ለቀቀች። ኅዳር ላይ በቦታዋ የተተካችው ወጣት ጠረጴዛ ላይ ዋናው ወረቀት ደረሰ፤ ከላዩ አታችመንት የሚባለው በእጅ የተሞላ የሽያጭ ደረሰኝ ተያይዟል። ልጅቷ የአታችመንቱን ቁጥር አስገባች። ለሶፍትዌሩ ቁጥሩ አዲስ ስለሆነ ዝም ብሎ ተቀበላት። ሁለተኛ ቼክ ወጣ።

እኛ አገር አንድ ሽያጭ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ማሽኑ የሚያትመው የኤፍኤስ ቁጥር፣ ሌላው አታችመንቱ ላይ የታተመው። ቢሮው በየትኛው እንደሚመዘግብ አንዴ ወስኖ ካልጸና ይህ ስህተት መከሰቱ አይቀርም። አቅራቢው ሲስተሙ ውስጥ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበም ውጤቱ ያው ነው።

"ዋጋው አንድ ከሆነ የተደገመ ነው፤ የተደገመ ከሆነ ደግሞ ሌብነት ነው።"

በየወሩ ተመሳሳይ መጠን የሚገዛ ድርጅት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው እውነተኛ ደረሰኞች ይኖሩታል። ልጅቷን ያስጠረጠራት ዋጋው አልነበረም። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ኅዳርን ስትዘጋ የመዝገቡን ግዢ የመጋዘኑ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሚጻፍበት ቢን ካርድ ጋር አስተያየች፤ መዝገቡ 80 ኤምዲኤፍ ገብቷል ይላል፣ ካርዱ 40። ዕቃ ገቢ ሲሆን የሚቆረጠው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ም፣ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶውንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቀኑ፣ ሰዓቱና የኤፍኤስ ቁጥሩ አንድ ነው። የአንድ ማሽን ሁለት ሽያጭ አንድ ዓይነት የኤፍኤስ ቁጥር ስለማይኖረው ጉዳዩ እዚህ ላይ ተቋጨ።

ሌብነት ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድን ደረሰኝ አውቆ ሁለት ጊዜ የሚያቀርብ ሰው የለም አልልም። እዚህ ግን ወረቀቶቹ የሚያሳዩት አንድ ግዢ በሁለት መንገድ ቢሮ መግባቱን ብቻ ነው፤ የማንንም ሐሳብ አያሳዩም።

"መዝገቡን ሰርዞ በሚቀጥለው ግዢ ማቻቻል ይበቃል፤ አለቃ ባያውቅም ይቻላል።"

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሒሳቡን እንየው። የ40ው ኤምዲኤፍ ዋጋ 180,000 ብር ነው። በ15 በመቶ ቫት 27,000 ሲጨመር 207,000 ይሆናል። ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ፣ በጊዜው ለዕቃ ግዢ 2 በመቶ ስለነበር ከ180,000ው ላይ 3,600 ይቀነሳል። አቅራቢው በቼክ የሚወስደው 203,400 ብር ነው።

ልጅቷ ሁለተኛውን ምዝገባ ዝም ብላ ብትሰርዘው ቼኩ ከባንክ መውጣቱ አይሰረዝም። ባንኩ 203,400 ብር ከፍያለሁ ይላል፣ መዝገቡ አላውቅም ይላል፤ ወር ሲዘጋ ልዩነቱ አፍጥጦ ይመጣል። ያኔ እሷን የሚያስጠይቃት መሳሳቷ መሆኑ ይቀርና መደበቋ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ሁለተኛውን ምዝገባ ሳይሰርዙ በተቃራኒ ምዝገባ መመለስ ነው። 180,000ው ከግዢ፣ 27,000ው ከግብዓት ቫት ይነሳል፤ 3,600ው ከሚከፈል ዊዝሆልዲንግ ላይ ይቀነሳል፤ 203,400ው ከአቅራቢው የሚሰበሰብ ሆኖ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ የት እንዳለ ማንም ከመዝገቡ ያነባል።

ግብሩም አለ። 27,000ው ብር ሁለተኛ ጊዜ ከቫት ላይ ቢቀነስ ድርጅቱ ለመንግሥት ያንኑ ያህል አሳንሶ ከፈለ ማለት ነው። ደግነቱ የኅዳር ቫት ገና አልተገለጸም ነበርና ከማሳወቂያው በፊት ማውጣት ተቻለ። ተገልጾ ቢሆን ኖሮ ማሳወቂያውን ማስተካከል፣ ልዩነቱንና የዘገየበትን ወለድ መክፈል ይመጣ ነበር። እነዚህን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ በራሷ ሥልጣን የምትወስናቸው አይደሉም። የሚፈርመውም የሚጠየቀውም አሠሪው ነው።

"አለቃ ፊት ከመቅረብ በፊት ጥፋተኛውን ማወቅ ያስፈልጋል።"

ልጅቷን ሁለት ቀን ሊያዘገያት የነበረው ይህ ሐሳብ ነው። ገንዘቡ ግን አቅራቢው ዘንድ ተቀምጧል፣ የቫቱም ቀን እየቀረበ ነው። ሁለቱን የቼክ ኮፒ፣ ፎቶውን፣ ዋናውን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ንና ቢን ካርዱን ይዛ ገባች።

"ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላሳይዎት። የጥቅምቱን ኤምዲኤፍ ሁለት ጊዜ ከፍለናል። ሁለተኛውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። 203,400 ብር ነው።"

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ የግዢው ልጅ ነው! ከሰዎቹ ጋር ተመሳጥሮ ነው!"

"እሱን አላውቅም ጋሼ። የማውቀው ፎቶውም ወረቀቱም የአንድ ግዢ መሆኑን፣ ዕቃውም አንዴ ብቻ መግባቱን ነው። ዛሬ ከፈቀዱልኝ ለአቅራቢው ሒሳብ ክፍል ደውዬ በእነሱ መዝገብ ምን እንደሚል እጠይቃለሁ።"

ቼኮቹን አገላበጧቸው። በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የራሳቸው ነው። "እኔም ፈርሜያለሁ እኮ" አሉ፤ ከዚያ "ደውዪ።"

እንዲህ ያለ ንግግር ውስጥ መጠኑ፣ ማስረጃው፣ የራስ ድርሻና የሚጠየቀው ፈቃድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መውጣት አለባቸው። ግምት ከገባ ውይይቱ ከገንዘቡ ወደ ሰው ይዞራል፤ ባልተጣራ ጥርጣሬ እንጀራው የሚቆረጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ሠራተኛ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

"አንዴ የተከፈለ ገንዘብ በአቅራቢው በጎ ፈቃድ ካልሆነ አይመለስም።"

ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 ላይ ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ ታሪክ እዚያ ድረስ አልተሄደም። የአቅራቢው ሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን ሲያይ ሁለተኛው ቼክ እንደ ቅድመ ክፍያ ተይዞ አገኘው።

ብዙዎች የሚረሱት ዊዝሆልዲንጉን ነው። ለሁለተኛው ክፍያ የ3,600 ብር ደረሰኝ ለአቅራቢው ተቆርጦ ነበር። አቅራቢው 203,400ውን መልሶ ያንን ወረቀት ቢያስቀረው ያልተቀነሰበትን ግብር እንደከፈለ ማስረጃ ይሆነዋል። ስለዚህ ልጅቷ በደብዳቤ ሁለቱንም ጠየቀች፦ ገንዘቡን በባንክ ማስተላለፍ፣ የደረሰኙን ዋና ቅጂ መመለስ። ቅጂው ሲመጣ "ተሰርዟል" ተብሎበት ከጥራዙ ጉርድ ጋር ተያያዘ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው በፎቶ አይከፍልም። ምዝገባው በኤፍኤስ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ሞዴል 19 ያልተያያዘበት የክፍያ ማዘዣም ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።