«የጥገና ጉድለት ነው» ተብሎ ካሳ ሲከለከል

ኢንሹራንሱ የውሃ ጉዳት ካሳዎን «በጥገና ጉድለት የመጣ ነው» ብሎ ውድቅ ካደረገው፣ ክርክሩ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ውሃው በድንገት ፈነዳ ወይስ ለወራት ሲንጠባጠብ ኖረ? አብዛኞቹ ውሎች የሚሸፍኑት ድንገተኛውን ነው። ስለዚህ የይግባኝ ደብዳቤው ላይ ምሬት ሳይሆን ማስረጃ ይቅረብ።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ተሰንጥቆ ወለሉ ተበላሸ እንበል። የቧንቧ ሠራተኛው ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎት፦ ስንጥቁ አዲስ ነው? ዝገት ወይም የቆየ ሻጋታ አለ? ቱቦው ከውጭ ይታይ ነበር? የማይታየውን ማን ይጠግነዋል! የተሰነጠቀውን ቁራጭ እንዳይጥሉት።

በደብዳቤው ላይ ውድቅ ያደረጉበትን የውል አንቀጽና የኢንሹራንሱን ጉዳት ገምጋሚ ሪፖርት ይጠይቁ። በብዙ አገሮች «ይህን አልሸፍንም» የሚል ማግለያ አንቀጽ የጠቀሰ ኢንሹራንስ የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። ዝገቱ የቆየና በግልጽ የሚታይ ከነበረ ግን ይግባኙ ብዙም አያስኬድም።